እስክስታን ወንዶችና ሴቶች አብረው በሚማሩበት ክፍል ማስተማር፦ የስምንት ክፍለ ጊዜ ምዕራፍ እንዴት ይነደፋል?

ጎንደር ውስጥ የስፖርት መምህር የሆነ ሰው ስለ እስክስታ ለተማሪ ማስረዳት አያስፈልገውም። ልጆቹ ሰርግ ላይ አይተውታል፣ ጥምቀት ላይ ጨፍረውታል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ምዕራፉ ሲደርስ ካሴቱ ይከፈታል፣ አምስት ስድስት ደፋር ልጆች መሃል ገብተው ይጨፍራሉ፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ደወል ይደወላል። ደፋሮቹ መጀመሪያም የሚችሉ ነበሩ። የሚያጨበጭቡት ደግሞ እንደመጡ ይመለሳሉ። በተለይ ሴቶቹ ኋላ ቆመው ምዕራፉ ያልቃል።

ይህ መመሪያ ለሰባተኛ ክፍል ነው። 56 ተማሪ፣ በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ሜዳ፣ ስምንት ሳምንት ብለን እንያዝ። የእናንተ ቁጥር ቢለያይም አካሄዱ አይለወጥም።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ

ዓመታዊ እቅድ ስታወጡ ይህን ምዕራፍ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ባለው ጊዜ ውስጥ አስገቡት። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከጥር በኋላ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ዐቢይ ጾም ይመጣል፤ 55 ቀን ነው። በጾም ወቅት ዘፈንና ጭፈራ የማይፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ልጁም ሁለት ሐሳብ ሆኖ ይቆማል። የረመዳን ወር በየዓመቱ ስለሚዞር እሱንም አስቀድሞ ማየት ነው። ስምንቱ ሳምንት ሁሉ ካልገጠመ የሚጠበበው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው እንጂ የመጨረሻዎቹ አይደሉም።

መስከረምና ጥቅምት ሌላም ጥቅም አላቸው። ወንዶቹ ነሐሴ 13 በቡሄ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ ከርመዋል። ሴቶቹ ደግሞ መስከረም 1 አበባየሆሽ እያሉ በአንድ ጭብጨባ ዞረዋል። ሁለቱም ምት መጠበቅን ገና ከእጃቸው አልጣሉትም። ከዚህ በላይ መነሻ አይገኝም።

ውጤቱን በዓይን በሚታይ ነገር ጻፉ

«ተማሪዎች የባህል ጭፈራን ያደንቃሉ» የሚል ዓላማ ሜዳ ላይ ምንም አይረዳችሁም። ማድነቁን በምን ታውቃላችሁ? እኔ አራት ውጤት ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ ከበለጠ 56 ልጅ ማየት አይቻልም።

አንደኛው፣ ተማሪው 16 ምት ሳይቀድምና ሳይዘገይ በእግርና በእጅ ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ ራሱንና ወገቡን ሳያነቃንቅ ትከሻውን ብቻ ለይቶ ለ8 ምት ያንቀሳቅሳል። ሦስተኛው፣ የትከሻው እንቅስቃሴ ሳይቋረጥ እየተራመደ አቅጣጫና ከፍታ ይቀይራል። አራተኛው፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባለ 32 ምት ጭፈራ አዘጋጅቶ አብሯቸው ጀምሮ አብሯቸው ይጨርሳል።

ልብ በሉ፣ አራቱም ውስጥ «ወንድ» ወይም «ሴት» የሚል ቃል የለም። «የወንድ እስክስታ»፣ «የሴት እስክስታ» የሚለው ልማድ ጎንደር ውስጥ በእርግጥ አለ። ዝላዩና መንበርከኩ ወደ ወንዱ፣ የአንገቱ ስልት ወደ ሴቷ ያደላል። ክፍል ውስጥ ግን እንቅስቃሴውን በጠባዩ ጥሩት፦ «ጠንካራው» እና «ለስላሳው»። ሁሉም ተማሪ ሁለቱንም ይሠራል። ወንዱ ከአንገት ሥራ፣ ሴቷ ከዝላይ ነፃ ከሆኑ ከውጤቱ ግማሹን ሳይማሩ ምልክት ሰጣችኋቸው ማለት ነው።

ምቱን አስተካክሉ

ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከኤሮቢክስ በለመድነው «አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት» ቆጠራ እንጀምርና ልጆቹ ለምን እንደሚደናቀፉ ይገርመናል። ብዙው የጎንደር እስክስታ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉት። ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ብታዳምጡ «ዱም-ታ-ታ፣ ዱም-ታ-ታ» ይላል። እግር የሚረግጠው «ዱም» ላይ ነው። ትከሻው በሦስቱም ላይ ሊጫወት ይችላል። ስለዚህ የምትቆጥሩት «ዱም»ን ብቻ ይሁን፤ በዚህ ጽሑፍ «8 ምት» ስል ስምንት «ዱም» ማለቴ ነው።

ፍጥነቱን በሰዓት ለኩት። በ15 ሴኮንድ ውስጥ 20 «ዱም» ካለ በደቂቃ 80 ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ይህ ይበቃል። ከዚያ በ15 ሴኮንድ 25 አድርሱት። ሰርግ ላይ የሚሰማው ዘፈን ከዚህ ይፈጥናል፤ ለዚህ ነው ዘፈን ከፍቶ መጀመር የማያዋጣው። ልጁ ምቱን ለመያዝ ሲሮጥ ትከሻውን ይረሳዋል።

መሣሪያው ምን ይሁን? ከበሮ ካለ ጥሩ፤ ሰፊው አፉ ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። ከቤተ ክርስቲያን ግን አትዋሱ። ያ ለማኅሌት የተለየ ነው፣ ለስፖርት ሜዳ መውጣቱ ቅሬታ ያመጣል፣ ቅሬታውም ተገቢ ነው። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሥራውን ይሠራል። መሃሉ በመዳፍ ሲመታ «ዱም»፣ ጠርዙ በጣት ሲመታ «ታ» ይላል። ዘፈን የምትከፍቱት ከአምስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ይሁን፤ ያኔም በማሲንቆ ብቻ የተሠራ፣ ግጥም የሌለው ቢሆን ይሻላል። የፍቅር ግጥም ሲሰማ የ13 ዓመት ልጆች ዓይን ለዓይን ይተያዩና ሳቁ ይጀመራል።

ሜዳውንና ቡድኑን ቀድማችሁ በወረቀት ሥሩ

56ቱን በአንድ ትልቅ ክብ አታቁሙ። ክብ ሲሠራ መሃል የሚገባ ይኖራል፣ መሃል የሚገቡትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልጆች ናቸው። ይልቅ 14 ልጅ ያለው አራት ቡድን ሥሩ። እያንዳንዱ ቡድን ሰባት ሰባት ሆኖ በሁለት ረድፍ ይቁም። አራቱ ቡድኖች የአንድ አራት ማዕዘን ጎኖች ይሆናሉ፣ ሁሉም ወደ መሃል ያያሉ። መምህሩ መሃል ቆሞ በየ8 ምቱ ሩብ ዙር ይዞራል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ጎን ፊት ለፊቱን የሚያይበት ጊዜ ያገኛል። በየአራት ደቂቃው የፊቱና የኋላው ረድፍ ቦታ ይቀያየሩ። ይህቺ መቀያየር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ኋላ ተደብቆ የሚያልቅ ልጅ እንዳይኖር የምታደርገው እሷ ናት።

በየቡድኑ ለተማሪዎቹ ከ1 እስከ 14 ቁጥር ስጡ። በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ የአራት የአራት ቡድን ሲያስፈልግ ከየቡድኑ አንድ ቁጥሮች በአንድ ላይ፣ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ላይ ይሆናሉ። 14 ትናንሽ ቡድን በአንድ ፊሽካ ተሠራ። «ጓደኛ ምረጡ» የሚል ትእዛዝ በፍጹም አይሰጥም። ያን ያላችሁ ቀን ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ይሆናል፣ ያልተመረጠ አንድ ልጅም ሜዳ መሃል ብቻውን ይቀራል። «አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ሁኑ» ማለትም አያስኬድም። ያ ልጆቹን ጥንድ አድርጎ ማሳየት ይሆናል፣ ቀሪው ሳምንት በሹክሹክታ ያልቃል።

ዝርዝሩን ቤታችሁ ስታዩት አንዲት ሴት ብቻዋን ከሦስት ወንዶች ጋር፣ ወይም አንድ ወንድ ብቻውን ከሦስት ሴቶች ጋር የወደቁበት ቡድን ካለ እዚያው ቁጥር ቀይሩ። ሜዳ ላይ ከቀየራችሁት ምክንያቱ ለሁሉም ይታወቃል።

መነካካት አያስፈልግም። እስክስታ ሳይያያዙ የሚጨፈር መሆኑ ለቅይጥ ክፍል ትልቅ ዕድል ነው። በጎን ለጎን ጀምሩ፣ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ ወዲያ ፊት ለፊት በሁለት እርምጃ ርቀት። ልብስ ላይ ደግሞ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከሥሩ ሱሪ እንድታደርግ ከሳምንት በፊት ንገሩ። ሻሽም ሆነ ሒጃብ ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይሆንም፤ ትከሻው በልብስ ላይም ይታያል። ነጠላ ወገብ ላይ ማሰር ካማራችሁ ወይ ሁሉም ይሰር ወይ ማንም አይሰር።

ትከሻውን የምታስተምሩበት መንገድ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለምት ብቻ ነው። ወንዶቹ የሆያ ሆዬውን የዱላ ምት በእግራቸው ያሳያሉ፣ ሴቶቹ የአበባየሆሽን ጭብጨባ ያመጣሉ። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ጄሪካኑን ለ8 ምት መትታችሁ ለ8 ምት ዝም በሉ፤ እነሱ ይቀጥሉ። ስትመለሱ አብረዋችሁ ከረገጡ ምቱ ውስጣቸው ገብቷል። ፈጥነው ከጠበቋችሁ፣ እንደ አብዛኛው ክፍል፣ ገና ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የምዕራፉ እምብርት ናቸው። እዚህ አትቸኩሉ።

ሁሉም መሬት ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ። የተቀመጠ ሰው በጉልበቱ መዝለል አይችልም፤ በብዙ ጀማሪ ላይ ትከሻ የሚመስለው ንቅናቄ ደግሞ ከጉልበት የሚመጣ ነው። እጅ ጭን ላይ ይረፍ። መጀመሪያ ሁለቱም ትከሻ ወደፊት፣ በሚቀጥለው «ዱም» መልስ። ስምንት ጊዜ። ቀጥሎ ወደ ላይ፣ መልስ። ቀጥሎ ቀኝ ብቻ፣ ግራ ብቻ። መጨረሻ ላይ ቀኝ ሲወጣ ግራ ይገባል። «ታ-ታ»ውን ገና አትንኩት።

አሁን እያንዳንዱ ደብተሩን ራሱ ላይ ያስቀምጥ። ደብተሩ ከወደቀ ራሱ ተነቃንቋል፤ ካልወደቀ ትከሻው ለብቻው ሠርቷል። መምህሩ 56 ልጅ አንድ በአንድ ማረም አይችልም፣ ደብተሩ ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይነግራቸዋል። ወንድም ሴትም እኩል ይጥላል። ሳቅ ይኖራል፣ ይሳቁ። ማንም በማንም ላይ የሚስቅበት አይደለም፣ የሁሉም ደብተር ይወድቃልና።

ተቀምጦ የያዘ ልጅ ሲቆም ሊጠፋበት ይችላል። ሦስት ነገር እዩ። አንገቱ ከገተረና ትከሻው ወደ ጆሮው ተጠግቶ ከቀረ ትንፋሹን ይዟል ማለት ነው፤ «ዱም» ላይ ወደ ውጭ እንዲተነፍስ ንገሩት። ክርኑ ከተቆለፈ እጁን ሽንጡ ላይ ያሳርፍ። መላ ሰውነቱ ከተናወጠ ፍጥነቱ በዝቶበታል፤ ጄሪካኑን አዘግዩ እንጂ «በርታ» አትበሉት።

የአንገት ሥራ ሦስተኛው ላይ ይገባል። ወደ ጎንና ወደፊት ማንሸራተት ብቻ ይሁን። ራስን ወደ ኋላ ጥሎ ማሽከርከር ለጀማሪ አይፈቀድ፤ ማዞር ያመጣል፣ አንገትንም ያሳምማል።

አራተኛው ላይ መራመድ ይጨመራል። አራት «ዱም» ወደፊት፣ አራት ወደኋላ፣ ከዚያ ወደ ጎን። ትከሻው እግሩ ሲንቀሳቀስ ከቆመ ተማሪው ወደ አራት «ዱም» ቆሞ፣ አራት «ዱም» ተራምዶ ይመለስ። አምስተኛው ላይ በሁለት በሁለት ፊት ለፊት ሆነው አንዱ 4 ምት ያሳያል፣ ሌላው ይደግማል። ጠንካራውና ለስላሳው እዚህ ይቀላቀሉ፦ አንዱ ዝላይ ካሳየ ሌላው መልሶ መዝለል፣ አንገት ካሳየ መልሶ አንገት። ሴቶች የሚያሳዩት፣ ወንዶች የሚደግሙት ዙር መኖሩን እርግጠኛ ሁኑ። ካልተጠነቀቃችሁ መሪው ሁልጊዜ ወንድ ይሆናል።

የ32 ምቱ ሥራ

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ «ጭፈራ ፍጠሩ» ብላችሁ ብትተዉአቸው ግማሹ ሰዓት በክርክር ያልቃል። አጥሩን እናንተ ሥሩ፣ ውስጡን እነሱ ይሙሉት። አጥሩ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው 8 ምት ከመስመር ወደፊት እየተራመዱ መግባት። ሁለተኛው 8 ባሉበት ሆነው ትከሻውን ሳያቋርጡ ከፍታ መቀነስ። ሦስተኛው 8 ሁለት ለሁለት ፊት ለፊት፣ 4 ምት ጥያቄ፣ 4 ምት መልስ። አራተኛው 8 ቦታ ተለዋውጦ አንድ ላይ መቆም።

የቁጥር 5 ልጆች፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፣ እንበል እንዲህ ሞሉት። መግቢያውን በቀስታ የወደፊት-መልስ ትከሻ አደረጉት። ሁለተኛው ላይ በ4 «ዱም» በአንድ ጉልበት ተንበረከኩ፣ በ4 ተነሡ። ሦስተኛው ላይ አንዷ ሴት ዝላይ ጠየቀች፣ ወንዱ በዝላይ መለሰ፤ በሌላው ጥንድ ወንዱ አንገት ጠየቀ፣ ሴቷ መለሰች። ሲሞክሩት የተበላሸው መንበርከኩ ላይ ነው። አንደኛው ልጅ ጉልበቱ መሬት ሲነካ ትከሻው ቆመ፣ ሲነሣም አንድ ምት ዘገየ። መፍትሔው መንበርከኩን መተው አልነበረም። በ4 ሳይሆን በ8ቱም «ዱም» ቀስ ብለው ግማሽ ብቻ እንዲወርዱ አደረጉት፤ ትከሻው ተመለሰ። ከፍታ ቀይሯል፣ ትከሻው አልተቋረጠም። ሦስተኛው ውጤት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እስከ መሬት መድረስ የሚል ነገር የለበትም።

ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ቡድን ሌላውን ያያል። የሚያየው ቡድን አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፦ «ትከሻው የቆመው የት ላይ ነው?» «ማን ይበልጣል?» የሚል ጥያቄ አይነሣም።

ምልክት አሰጣጥ

32 ምት በደቂቃ 80 ሲሄድ 24 ሴኮንድ ነው። በ24 ሴኮንድ ውስጥ አራት ልጅ በአራት ውጤት መመዘን ለማንም አይቻልም። የሞከረ መምህር የሚሰጠው የስሜት ምልክት ነው፣ ስሜት ደግሞ ወደ ደፋሩና ወደ ዘላዩ ያደላል። ስለዚህ ምዘናውን ከፋፍሉት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውጤቶች ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ድረስ፣ በየክፍለ ጊዜው አንድ ባለ 14 ቡድን እያያችሁ ጨርሱ። ለተማሪዎቹ ማን እንደሚታይ ቀድማችሁ ንገሩ። በሦስተኛው ላይ የታየው ቡድን በስድስተኛው ከታየው ያነሰ ልምምድ አለው፤ ይህ እኩል አይደለም። ስለዚህ ዝቅተኛ ያገኘ ሁሉ ሰባተኛው ላይ ድጋሚ ይታይ፣ የተሻለው ይያዝለት።

ስምንተኛው ላይ ሦስተኛውና አራተኛው ውጤት ብቻ ይቀራል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ በመጀመሪያው ሁለቱን ልጆች፣ በሁለተኛው ሌሎቹን ሁለት እዩ። ገብቶ መውጣቱን ጨምሮ ለአንድ ቡድን ሁለት ደቂቃ ያዙ፤ 14 ቡድን በ28 ደቂቃ ያልቃል። ሦስት ደረጃ ይበቃል። ለምሳሌ በሦስተኛው ውጤት 3 የሚያገኘው አቅጣጫም ከፍታም ሲቀይር ትከሻው ያልቆመ ነው። 2 የሚያገኘው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ራሱ የመለሰ። 1 የሚያገኘው መራመድ ሲጀምር ትከሻው የጠፋ። ፈገግታ፣ ልብስና የሕዝብ ጭብጨባ በወረቀቱ ላይ ቦታ የላቸውም።

ወላጅ መጥተው «ትምህርት ላኳት እንጂ ጭፈራ አልላኳትም» ሊሉ ይችላሉ። ይህን ወረቀት አሳዩአቸው፦ «እማማ፣ የምንመዝነው ይኸውልዎ፤ ምት መጠበቅ፣ ሰውነትን ማዘዝ፣ ከሌላ ጋር አብሮ መሥራት። ማንም ማንንም አይነካም፣ ግጥም የለም።» አሁንም ካልተስማሙ ልጅቱ አራቱን ውጤት በጄሪካን ምት ብቻ፣ በሪትሚክ ጂምናስቲክ እንቅስቃሴ ትሥራ። ትከሻን ለይቶ ማንቀሳቀስ ያለ እስክስታም ይመዘናል፤ ሠንጠረዡም ያው ነው። ያልተገባው ብቸኛ መፍትሔ አጥር ሥር ቁጭ ብላ የጓደኞቿን ደብተር እንድትጠብቅ ማድረግ ነው።

ምልክቱን ስትጨርሱ የወንዶቹንና የሴቶቹን አማካይ በየውጤቱ ለያይታችሁ አስሉ። በአንዱ ውጤት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመት የሚስተካከለውን አገኛችሁ። ሴቶቹ በሦስተኛው ውጤት ዝቅ ካሉ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የኋላው ረድፍ ወደፊት መምጣቱ ተዘሏል። ወንዶቹ በሁለተኛው ዝቅ ካሉ ተቀምጦ የሚሠራው ክፍል አጥሮባቸዋል፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጨምሩበት።